ለፌሮ ሠራተኛ የሚሆን የደኅንነት ጫማ አመራረጥ

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በደሴና በኮምቦልቻ በሕንፃ ሥራ ላይ ለተሰማሩ ፌሮ ሠራተኞች፣ እነርሱን ለሚመሩ ፎርማኖች እንዲሁም ጫማ ገዝተው ለሚያቀርቡ ሥራ ተቋራጮች ነው። ከሌላው የሳይት ሠራተኛ ፌሮ ሠራተኛን ለይቼ የያዝኩበት ምክንያት አለ። ግንበኛው በአብዛኛው ቆሞ ይሠራል፤ ጋሪ የሚገፋው ይራመዳል፤ ፌሮ የሚያስረው ሰው ግን ሶሌታ ላይ ቁጢጥ ብሎ፣ የክብደቱን ትልቁን ክፍል በጣቶቹ ሥር አሳርፎ፣ ጉጠቱን ይዞ ቀኑን ይውላል። ሲቆሙበት የተመቸ የደኅንነት ጫማ ቁጢጥ ሲሉበት እግር ሊቆርጥ ይችላል፤ እግር የሚቆርጥ ጫማ ደግሞ እኩለ ቀን ሳይሞላ ወልቆ በሸራ ጫማ ይተካል። ስለዚህ ጣትን የሚከላከለው የጫማ ቆብ የብረት ይሻላል ወይስ የኮምፖዚት የሚለው የተለመደ ክርክር የሚፈታው የትኛው የበለጠ ይጠነክራል በሚለው ጥያቄ ሳይሆን፣ የትኛው በዚህ ሠራተኛ እግር ላይ እስከ ማታ ይቆያል በሚለው ነው።

አንደኛ፦ ሠራተኛው የሚቆምበትን መሬት ለዩ

ወደ ገበያ ከመሄዳችሁ በፊት ሠራተኛው የቀኑን ትልቁን ክፍል የሚያሳልፈው በምን ላይ እንደሆነ በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ብላ፣ በጦሳ ተራራ ሥር በተዳፋት ላይ የተቀመጠች ከተማ በመሆኗ መሠረት የሚቆፈረው ብዙ ጊዜ ደረጃ በደረጃ ነው፤ ሠራተኛውም ፌሮ ተሸክሞ ቁልቁል ይወርዳል፣ ሽቅብ ይወጣል። ወሎ ደግሞ ከክረምቱ ሌላ የበልግ ዝናብም ስላለው ጭቃ የሐምሌና የነሐሴ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ አየሩ ይሞቃል፣ በቦርከና ዙሪያ ያለው ሜዳም ሲረጥብ ከሶል ሥር ተጣብቆ የማይለቅ መረሬ ይሆናል። ሦስተኛው መሬት ራሱ ፎርምወርኩ ነው። አርማታው እንዳይጣበቅ የተቃጠለ ዘይት የተቀባ ላሜራ ወይም ጣውላ ጠዋት ጤዛ ወይም ካፊያ ሲያገኘው ከጭቃው ይልቅ ያንሸራትታል።

እነዚህ ሦስት መሬቶች አንድ ዓይነት ሶል አይፈልጉም። ከሦስቱ ሠራተኛው በየትኛው ላይ እንደሚበዛ ካልተጻፈ ባለ ሱቁ የሚያቀርበው ጫማ ሁሉ ጥሩ መስሎ ይታያል።

ሁለተኛ፦ ምልክቱንና የተሠራበትን ጊዜ አንብቡ

የደኅንነት ጫማ ምላሱ ላይ ወይም በውስጥ በኩል የተሰፋ ወይም የታተመ ምልክት አለው። በገበያችን በብዛት የሚታየው የዓለም አቀፉና የአውሮፓው ደረጃ ቁጥር 20345 ሲሆን፣ የመጨረሻዋን አሃዝ በጥንቃቄ መመልከት ያስፈልጋል። 20346 የሚል ጫማ የጣት ቆቡ የሚችለው ግማሹን ምት ብቻ ነው፤ 20347 የሚለው ደግሞ የጣት ቆብ እንዲኖረው አይገደድም። ሦስቱም በውጭ መልካቸው ሊመሳሰሉ ይችላሉ።

ከቁጥሩ ቀጥሎ የሚመጣው የላቲን ፊደል ነው። ለደሴ ክረምት የሚሆነው «ኤስ 3» የሚለው መደብ ነው፤ ይህ መደብ ከቆቡ በተጨማሪ የላይ ቆዳው ውኃ ቶሎ እንዳያስገባ፣ ሶሉ ጥርስ እንዲኖረው፣ ከሶሉ በላይ ደግሞ ሚስማር የሚከላከል ንጣፍ እንዲኖረው ይጠይቃል። «ኤስ 1 ፒ» የሚለው የሚስማር መከላከያ ቢኖረውም የላይ ክፍሉ ውኃ እንዲቋቋም ስለማይጠየቅ ለኮምቦልቻ በጋ እንጂ ለደሴ ሐምሌ አይሆንም።

በዚያው ምልክት ላይ ጫማው የተሠራበት ወርና ዓመተ ምሕረት በአውሮፓ አቆጣጠር ይገኛል። ይህን ቀን ማንበብ ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። አብዛኛው ቀላል የደኅንነት ጫማ ሶሉ ፖሊዩሬቴን ከሚባል ነገር የተሠራ ነው፤ ይህ ነገር ከአየር እርጥበት ጋር እየተዋሐደ፣ ሳይረገጥም በመጋዘን ውስጥ ተቀምጦ ይፈራርሳል። የሳጥኑ ጫማ አዲስ መስሎ ይገዛና ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሶሉ እንደ ደረቀ ዳቦ ሲረግፍ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ከተሠራ ሦስት ዓመት ያለፈውን የፖሊዩሬቴን ሶል ባትገዙ ይመረጣል። ቀኑ ከጠፋ ጫማውን ከጣቶቹ መታጠፊያ ላይ በኃይል አጥፉና የሶሉን ጎን ተመልከቱ፤ ጥቃቅን ስንጥቅ ከታየ ወይም በጥፍር ሲጫኑት ከተፈረፈረ መልሱት።

ሦስተኛ፦ የቆቡን ጥንካሬና ወሰን እወቁ

በቁጥር 20345 መሠረት የተሠራ ጫማ ቆቡ ብረትም ይሁን ኮምፖዚት የሚፈተነው በአንድ መለኪያ ነው። 200 ጁል ጉልበት ያለው ምት ይወርድበታል፤ ይህም 20 ኪሎ የሚመዝን ነገር ከአንድ ሜትር ከፍታ ሲወድቅ ከሚኖረው ጉልበት ጋር እኩል ነው። ከዚያም ወደ 1.5 ቶን በሚጠጋ ጭነት ይጨመቃል። ፈተናውን ያለፈው ከምቱ በኋላም ለጣት የሚሆን ክፍተት በውስጡ የቀረለት ቆብ ነው። ስለዚህ «ኮምፖዚቱ ፕላስቲክ ነው፣ አይችልም» የሚለው አባባል እውነተኛ ምልክት ላለው ጫማ አይሠራም። «ብረቱ ታጥፎ ጣት ይቆርጣል» የሚለውም እንዲሁ ሠራተኛን ያለ ምክንያት የሚያስፈራ ወሬ ነው፤ ቆቡን ለማጠፍ የሚበቃ ጭነት ቆብ የሌለውን እግር ይበልጥ ይጨፈልቀዋል።

ወሰኑን ግን በሳይቱ ዕቃ አስሉት። 15 ኪሎ የሚመዝን ብሎኬት ከደረት ቁመት፣ ማለትም ከ1.2 ሜትር ቢያመልጥ ጉልበቱ 180 ጁል ያህል ስለሆነ ከወሰኑ በታች ነው። ያው ብሎኬት ከአንድ ፎቅ ከፍታ፣ ከ3 ሜትር ቢወርድ ግን 440 ጁል ይደርሳል፤ ይህን የትኛውም ቆብ እንዲችል አልተፈተነም። 12 ሜትር ርዝመት ያለው ባለ 16 ሚሊ ሜትር ፌሮ 19 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ከትከሻ ሲወድቅ ክብደቱ በርዝመቱ ስለሚከፋፈል አንዱ ጫፉ እግር ላይ ቢያርፍም ቆቡ በአብዛኛው ይችለዋል፤ ታስሮ በአንድነት የሚወርድ የፌሮ እስር ግን ሌላ ነገር ነው። የአርማታ መኪና ጎማም ከ1.5 ቶን በላይ ሊጭን ስለሚችል ቆብ አድርጌያለሁ ብሎ ከጎማ አጠገብ መቆም አደጋ ነው። ደግሞም ቆቡ የሚሸፍነው ጣቶችን ብቻ ነው፤ ከማሰሪያው በታች ያለው የእግር ጀርባ በቆዳ ብቻ የተሸፈነ ነው።

በሁለቱ መካከል ያሉት እውነተኛ ልዩነቶች ከጥንካሬው ውጭ ናቸው። ብረት ቀጭን ሆኖ ስለሚችል የጫማውን አፍ ሳያገዝፍ ለጣት ቦታ ይተዋል፤ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። ኮምፖዚት ከፋይበርግላስ፣ ከካርቦን ፋይበር ወይም ከጠንካራ ፕላስቲክ የሚሠራ ሲሆን ያንኑ ምት ለመቻል ወፈር ማለት አለበት፤ በአንጻሩ ይቀላል፣ ሙቀትና ቅዝቃዜም እንደ ብረት አያስተላልፍም። የክብደቱ ልዩነት በአንድ እግር ጥቂት አሥር ግራም ነው፤ አንድ ጫማ ከ600 እስከ 800 ግራም በሚመዝንበት ሁኔታ ይህ ብቻውን ውሳኔ አይሆንም። የቅዝቃዜው ነገር ግን በደሴ የኅዳርና የታኅሣሥ ጠዋት ይታወቃል፤ በተለይ ካልሲው በላብ ወይም በውኃ ከራሰ ብረቱ ጣት ያደነዝዛል። የኤሌክትሪክ አደጋን በተመለከተ ደግሞ ኮምፖዚት ስለሆነ ብቻ አይይዝም ብሎ መተማመን አይገባም። ከምድር የሚለየው ሶሉ ነው፤ እርጥብና ጭቃ የበላው ሶል ደግሞ በቆቡ ዓይነት አይድንም።

ሌላው ልዩነት ከምት በኋላ የሚታይ ነው። ብረት ሲመታ ይሰረጎድና እንደተሰረጎደ ይቀራል፤ በእጅ ሲዳስሱት ይታወቃል። ኮምፖዚት ግን ተጭኖ መልሶ ሊነሳ ይችላል፤ ውስጡ ተሰንጥቆ ውጭው ደኅና ይመስላል። ስለዚህ ኮምፖዚት ያደረገ ሠራተኛ ከባድ ነገር እግሩ ላይ በወደቀበት ቀን ለፎርማኑ መናገር አለበት፤ ምንም ምልክት ባይታይም ጫማው መለወጥ አለበት።

ሻጩ የሚለውን ለማረጋገጥ ከአሮጌ ሬዲዮ ድምጽ ማጉያ የወጣች ትንሽ ማግኔት ትበቃለች። ጫማው አፍ ላይ ከተጣበቀች ቆቡ ብረት ነው። ካልተጣበቀች ወይ ኮምፖዚት ነው፣ ወይ አሉሚኒየም ነው፣ ወይ ቆብ የለውም፤ በአውራ ጣታችሁ በኃይል ስትጫኑት ትንሽም ቢሆን የሚገባ ከሆነ ቆብ የተባለው ማጠንከሪያ ካርቶን ወይም ስስ ፕላስቲክ ነው።

አራተኛ፦ ልኩን በሥራው አቀማመጥ ፈትኑ

የተራ ጫማ ቆዳ ከእግር ጋር እየተለማመደ ይሰፋል፤ ቆብ ግን ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው አንድ ልክ ነው። ስለዚህ «ሲለበስ ይለቃል» የሚለው የሻጭ ማጽናኛ ለቆቡ ክፍል አይሠራም። እግር ከቀትር በኋላ ስለሚያብጥ ልኩን ከሰዓት በኋላ ውሰዱ፤ በሥራ ላይ የሚደረገውን ወፍራም ካልሲም ይዛችሁ ሂዱ።

መጀመሪያ የውስጡን ንጣፍ ከጫማው አውጥታችሁ መሬት ላይ አድርጉትና ሠራተኛው ተረከዙን ከንጣፉ ኋላ ጋር አስተካክሎ ይቁምበት። ከረጅሙ ጣቱ ፊት የአንድ አውራ ጣት ስፋት ያህል፣ ከ12 እስከ 15 ሚሊ ሜትር መቅረት አለበት። የእግሩ ጎን ከንጣፉ ተርፎ ከወጣ ቁመቱ ቢበቃም ወርዱ አይበቃም፤ ይህን አንድ ቁጥር በመጨመር ለማዳን መሞከር ተረከዙ እንዲላቀቅ ያደርጋል እንጂ ወርዱን እምብዛም አያሰፋም። የሁለቱ እግሮች ልክ ስለሚለያይ በትልቁ እግር ፍረዱ።

ቀጥሎ ንጣፉ ይመለስ፣ ማሰሪያው ይጠበቅና ሠራተኛው ቁጢጥ ይበል። ተረከዙን ብድግ አድርጎ፣ ፌሮ እንደሚያስር ሆኖ፣ ሳይነሳ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይቆይ። የቆቡ የኋላ ጠርዝ የሚያልቀው ጣቶቹ ከሚታጠፉበት አጠገብ ነው። ጫማው ሲታጠፍ ጠርዙ ወደታች እየወረደ የአውራ ጣቱን መገጣጠሚያ ወይም ትንሿን ጣት ከላይ ይጫናል። በሱቁ ውስጥ ትንሽ የሚቆነጥጥ ነገር ከተሰማ በሳይት ላይ ከሰዓት በኋላ ቁስል ይሆናል። ጥሩ ጫማ በጠርዙ ላይ ለስላሳ ገበር አለው፤ እጃችሁን አስገብታችሁ ከቆቡ መጨረሻ ላይ ስትዳስሱ ደረጃ የመሰለ ስለታም ወሰን ሊሰማችሁ አይገባም።

በመጨረሻም ቁልቁል ይውረድ። ደሴ ውስጥ ለዚህ የሚሆን መንገድ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሲወርድ ጣቱ ቆቡን ከመታ ወይ ቁመቱ አንሷል ወይ የቁርጭምጭሚቱ ማሰሪያ ላልቷል። ማሰሪያውን ከላይ ባሉት ሁለት ቀዳዳዎች አጥብቆ ደግሞ ይውረድ፤ አሁንም ከመታ ያ ጫማ ለእርሱ አይሆንም።

አምስተኛ፦ ከሶሉ በላይ ያለውን ንጣፍ ጠይቁ

የሚስማር መከላከያው እንደ ቆቡ ሁለት ዓይነት ነው፤ የብረት ሳህን ወይም ጥቅጥቅ ተደርጎ የተሸመነ ጠንካራ ጨርቅ። የጨርቁ ንጣፍ ይለምጣል፣ ይቀላል፣ የእግሩን ሥር በሙሉ ይሸፍናል፤ ቁጢጥ ለሚል ሰው ከብረቱ ይመቻል። ድክመቱ ቀጭን ሚስማር ላይ ነው። በ20345 ደረጃ የቀድሞው እትም መፈተኛው ሚስማር 4.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ነበረው፤ በፎርምወርክ ላይ የምንመታው ሚስማር ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ይቀጥናል። ቀጭን ነገር በጨርቁ ክሮች መካከል ሾልኮ ሊገባ ስለሚችል በ2022 እ.ኤ.አ. የተሻሻለው ደረጃ በጨርቅ ንጣፍ ላይ ባለ 3 ሚሊ ሜትር ሚስማር የሚፈተን ለብቻው መደብ አበጀ። «ኤስ 3 ኤስ» የሚለው ምልክት በዚህ ቀጭን ሚስማር የተፈተነውን ሲያመለክት፣ «ኤስ 3 ኤል» ደግሞ በወፍራሙ ብቻ የተፈተነውን ያመለክታል። በዚሁ እትም ሌላ ፊደል ያልተጨመረበት «ኤስ 3» የብረት ሳህን ያለው ነው።

የኔ ምክር በሥራው መከፋፈል ነው። ፎርምወርክ የሚፈታው ቡድን ሚስማራቸው ወደ ላይ የቆመ ጣውላዎች መካከል ስለሚውል የብረት ሳህን ያለው ጫማ ይገባዋል፤ ድርቅናውን መታገሥ ይሻላል። ፌሮ የሚያስረው ግን መፍታት ካልታዘዘ «ኤስ 3 ኤስ» የጨርቅ ንጣፍ ይበቃዋል። ለሁሉም አንድ ዓይነት ጫማ በጅምላ መግዛት ለግዢ ክፍሉ ያቀልለት ይሆናል፤ ለሁለቱም ቡድን ግን የሚስማማ አይሆንም።

ስድስተኛ፦ ሶሉን በመሬቱ ፍረዱት

በጫማው ላይ «ኤስ አር ሲ» ወይም በአዲሱ እትም «ኤስ አር» የሚል ከተጻፈ የመንሸራተት ፈተና ማለፉን ያሳያል። ይሁን እንጂ ፈተናው የሚካሄደው ሳሙናማ ውኃ ወይም ግሊሰሪን በፈሰሰበት ለስላሳ ወለል ላይ ነው፤ ስለ መረሬ ጭቃ የሚናገረው ነገር የለም። ስለዚህ ምልክቱን ለዘይታማው ላሜራና ለሴራሚክ ወለል ተጠቀሙበት፤ ጭቃውን በዓይናችሁ ፍረዱ።

ለጭቃ የሚሆን ሶል ጥርሶቹ ረዘም ያሉ፣ እርስ በርሳቸውም የተራራቁ ናቸው። በሁለት ጥርሶች መካከል ትንሿ ጣታችሁ ልትገባ ይገባል፤ ቦዩም እስከ ሶሉ ጠርዝ ድረስ ክፍት መሆን አለበት፤ መሃል ላይ ተዘግቶ ከቀረ ጭቃው መውጫ አጥቶ ይደርቅና ሶሉን ልሙጥ ያደርገዋል። ለላሜራው ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ የሚይዘው የጎማው ልስላሴና መሬት የሚነካው ስፋት ነው፤ የተራራቁ ትልልቅ ጥርሶች ግን በጥቂት ነጥብ ብቻ ስለሚቆሙ ያንሸራትታሉ። ጥፍራችሁን ሶሉ ላይ ስትጫኑ ትንሽ ከሰረጎደና ከተመለሰ ጥሩ ነው፤ እንደ ድንጋይ ከደረቀ በእርጥብ ላሜራ ላይ አትመኑት። ለሁለቱም ለሚሠራ ሠራተኛ የሚመረጠው ከፊትና ከኋላ ጥልቅ ጥርስ ኖሮት መሃሉ ጠፍጠፍ ያለ፣ ተረከዙም በግልጽ ተቆርጦ የወረደ ሶል ነው። ያ የተረከዝ ቁራጭ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ቢሆን በመሰላል እርከን ላይ እግር ወደፊት እንዳይሾልክ ይይዛል።

ሶሉ ጥሩ ቢሆንም ጭቃ ይዞ ሶሌታ ላይ ከወጣ አይጠቅምም። ወደ ሶሌታው በሚወጣበት መረማመጃ ሥር አንድ ዝርግ ፌሮ በሁለት ካስማ ላይ አግድም አስራችሁ የጭቃ መፋቂያ አድርጉ፤ የሚያስወጣው ወጪ የለም፤ የሚቀንሰው መንሸራተት ግን ከየትኛውም ምልክት ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

በአንድ ሠራተኛ ሲታይ

በደሴ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ላይ ፌሮ የሚያስር፣ በተራ ጫማ 42 ቁጥር የሚያደርግ፣ እግሩ ከፊት ሰፋ ያለ ሠራተኛ እናስብ። የሥራው ወለል አብዛኛው ዘይት የተቀባ ላሜራ ሲሆን ጠዋትና ማታ በጭቃ ውስጥ ፌሮ ይሸከማል። ባለ ብረት ቆብ 42 ቁጥር ሲሞክር ንጣፉ ላይ ከጣቱ ፊት የሚቀረው 6 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል፤ ይህ ቁልቁለት ላይ ጥፍሩን የሚያጠቁር ልክ ነው። ያንኑ ጫማ በ43 ሲሞክር ፊቱ ይበቃል፤ ነገር ግን ቁጢጥ ሲል የቆቡ ጠርዝ በትንሿ ጣቱ በኩል ይቆነጥጠዋል፣ ተረከዙም ሲራመድ ይነሳል። ቀጥሎ አፉ ሰፊ ሆኖ የተሠራ ባለ ኮምፖዚት ቆብ 43 ይሞክራል። ቆቡ ወፍራም ስለሆነ ጫማው ከውጭ ግዙፍ ይመስላል፤ ጠርዙ ግን ከጣቱ ጎን ርቋል፣ ተረከዙም ይዟል። ምልክቱ «ኤስ 3 ኤስ» እና «ኤስ አር» ነው፣ ከተሠራም አንድ ዓመት አልሞላውም። ይህ ሠራተኛ ኮምፖዚቱን መግዛት አለበት፤ ምክንያቱ ኮምፖዚት መሆኑ ሳይሆን ቅርጹ ነው። ሰፊ አፍ ያለው ባለ ብረት ቆብ በዚያው ሱቅ ተገኝቶ የቁጢጡን ፈተና ቢያልፍ ኖሮ በርካሽ ዋጋው እርሱን እመርጥለት ነበር።

ሥራ ተቋራጩ ጫማውን ሲያቀርብ ይህን ልኬት ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ሊያደርግ ይገባል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የመከላከያ መሣሪያ ማቅረብንና ስለአጠቃቀሙ ማስተማርን የአሠሪው ግዴታ አድርጎታል፤ በማይሆን ቁጥር የቀረበ ጫማ ደግሞ ቀረበ ሊባል አይችልም።

ሰባተኛ፦ በረጅሙ ቀን መካከልና ማታ

አዲሱን ጫማ በአንዴ ለሙሉ ቀን አታድርጉት፤ ለሁለት ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ ብቻ አድርጋችሁ ቆዳው ከመታጠፊያው ይለስልስ። በምሳ ሰዓት ጫማውን አውልቆ ካልሲ መቀየር ለብዙ ሠራተኛ ቅንጦት ይመስላል፤ ሆኖም የረጠበ ቆዳ ቶሎ ይላጣል፣ የደረቀ ካልሲ ከማንኛውም ውድ ንጣፍ በላይ የከሰዓቱን ሥራ ያቀልላል። የውስጡ ንጣፍ ከጥቂት ወራት በኋላ ጠፍጥፎ ስለሚቀር እርሱን ብቻ መቀየር ይቻላል፤ ነገር ግን ወፍራም ንጣፍ እግሩን ወደ ቆቡ ጣሪያ ስለሚያነሳው የቁጢጡን ፈተና እንደገና ማድረግ ያስፈልጋል።

አርማታ በሚሞላበት ቀን የቆዳውን ጫማ አስቀምጡና ቆብ ያለው የጎማ ቦት አድርጉ፤ የሱሪው እግር ከቦቱ ውጭ ይውረድ እንጂ ወደ ውስጥ አይግባ። እርጥብ ሲሚንቶ ጠንካራ አልካሊ ስለሆነ ቆዳን ያቃጥላል፤ አደገኛ የሚያደርገው ደግሞ መጀመሪያ ላይ ብዙም አለማመሙ ነው። ሠራተኛው ሕመሙ የተሰማው ማታ ከሆነ ቁስሉ ቀድሞ ጠልቋል። ወደ ውስጥ ከገባ ሥራው ሳያልቅ ወዲያው ወልቆ በብዙ ንጹሕ ውኃ ይታጠብ፣ ካልሲውም ይጣል። የጫማውን ቆዳም ሲሚንቶ አድርቆ ይሰነጥቀዋል፤ ስለዚህ ማታ ማታ በውኃና በብሩሽ አጥቦ፣ ንጣፉን አውጥቶ፣ ጋዜጣ ጎስሶ በጥላ ማድረቅ ነው። ከከሰል ምድጃ አጠገብ ማድረቅ ቆዳውን ያጨማትራል፣ የሶሉንም ማጣበቂያ ያላቅቃል። በክረምት ቆዳው ሌሊቱን ስለማይደርቅ ሁለት ጥንድ እያፈራረቁ ማድረግ የሚቻል ከሆነ ሁለቱም ይበልጥ ዕድሜ ያገኛሉ።

ስምንተኛ፦ መቼ እንደሚጣል

የተረከዙ የኋላ ጠርዝ ቀድሞ ያልቃል። ጥርሱ ከ2 ወይም ከ3 ሚሊ ሜትር ካነሰ ጫማው ከላይ አዲስ ቢመስልም ለሶሌታ ሥራ አይሆንም። ጫማ ሰፊ ጋር ሄዶ የጎማ ቁራጭ በሚስማር ማስመታት የተለመደ ቢሆንም ሚስማሩ መከላከያውን ንጣፍ ይበሳዋል፣ ውኃም ያስገባል፤ የተለጠፈው ጎማም በላሜራ ላይ እንዴት እንደሚይዝ የፈተነው የለም። የላይ ቆዳው ስፌት ቢለቅ መስፋት ይቻላል፤ ሶሉ ግን አይነካ።

ቆቡ የተሰረጎደ፣ ከቆዳው ውጭ የታየ ወይም ከባድ ምት የተቀበለ ጫማ በዚያው ዕለት ከሥራ መውጣት አለበት። ሲጣል ማሰሪያውን ፈትታችሁ ምላሱን በቢላ ቁረጡት፤ የላይ ቆዳውንም ከጎን ቅደዱት። ሳይቆረጥ የተጣለ ጫማ ታጥቦና ተቀብቶ ወደ ልባሽ ገበያ ይመለሳል፤ ገዝቶ የሚያደርገው የቀን ሠራተኛም ቆቡ ከውስጥ መሰንጠቁን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።